የቀሪነት ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ምን ይጠይቀናል?

በእንግሊዝ አገር ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩ ወላጆች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ይዋል ይደር እንጂ ይህ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ከላይ የትምህርት ቤቱ ዓርማ አለ፤ ከሥሩ የልጁ ስምና ክፍል፤ ቀጥሎ በደማቅ ጽሑፍ «እስካሁን የተገኘው 87.5 በመቶ ነው» የሚል ቁጥር። ከዚያ ከትምህርት መቅረት ስለሚያመጣው ጉዳት፣ ከዚያ ስለ ሕጉና ስለ 160 ፓውንድ ቅጣት አንድ አንቀጽ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ የርእሰ መምህሯ ፊርማ አለ። ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

አንዳንዱ ወላጅ ይህን ሲያይ ይሸበራል። ልጁ ሦስት ቀን ታሞ በመቅረቱ ሊቀጡት የተነሡ ይመስለውና በሌላ ጊዜ ከነትኩሳቱ አልብሶ ይልከዋል። ሌላው ደግሞ «ታሞ እንደቀረ ያውቁታል» ብሎ ደብዳቤውን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ያስቀምጠዋል። ሁለቱንም ያሳሳታቸው አንድ ነገር ነው። ከዚህ ደብዳቤ በስተጀርባ ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች አሉ። አንደኛው በትልቁ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ገጹ ላይ አይገኝም። ሕጉ ወላጅን የሚይዘው ደግሞ በሁለተኛው ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ትምህርት ቤት ቀንን የሚቆጥረው ለሁለት ከፍሎ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። ስም የሚጠራውም ሁለት ጊዜ ነው። የዓመቱ 190 የትምህርት ቀን 380 ግማሽ ቀን ይሆናል ማለት ነው። መቶኛው የሚወጣው ከእነዚህ ግማሽ ቀናት ሲሆን ማንኛውንም መቅረት ይቆጥራል። ልጁ በትኩሳት ቢተኛም፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ቢሄድም፣ በዓል ቢያከብርም፣ ያለ ምክንያት ቢቀርም ለዚህ ቁጥር ልዩነት የለውም። 90 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ተማሪ በተደጋጋሚ ከሚቀሩት ተርታ ይመደባል። ይህ ምደባ ትምህርት ቤቱ ማንን መከታተልና ማንን መርዳት እንዳለበት ለማወቅ የሚጠቀምበት ነው፤ በራሱ ቅጣት አያመጣም።

ይህ ቁጥር በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ላይ በጣም እንደሚዋዥቅም ልብ በሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁለት ቀን ብቻ የታመመ ልጅ 80 በመቶ ይሆናል። ዓመቱን በሙሉ ዳግመኛ ባይቀር ግን 99 በመቶ ገደማ ይዞ ይጨርሳል። ስለዚህ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር የሚመጣ ዝቅተኛ መቶኛ ስለ ልጁ የሚነግረን ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ቆጠራ ያልተፈቀደ ቀሪነት ነው። ርእሰ መምህሩ ምክንያቱን ያልተቀበለው፣ ወይም ጭራሽ ምክንያት ያልደረሰበት ግማሽ ቀን ሁሉ እዚህ ይገባል። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በመላው እንግሊዝ የሚሠራበት አንድ ልክ አለ፤ በ10 የትምህርት ሳምንታት ውስጥ 10 ያልተፈቀደ ግማሽ ቀን። አምስት ሙሉ ቀን እንደማለት ነው። እዚያ ላይ ሲደረስ ትምህርት ቤቱ ጉዳዩን ለይቶ አይቶ ቅጣት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን መመርመር አለበት። ልክ ስለተሞላ ብቻ ቅጣቱ በራሱ አይመጣም። በሌላ በኩል ሆን ብሎ ከልኩ በታች እየቆጠበ ልጁን ደጋግሞ ለዕረፍት የሚወስድ ወላጅ 10 ሳይሞላም ሊቀጣ ይችላል። ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ብቻ ነው።

ታዲያ ያልተፈቀደው ስንት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ ከልጁ የስም መጥሪያ መዝገብ ነው የሚታወቀው። ለትምህርት ቤቱ ቢሮ «የልጄን የአቴንዳንስ መዝገብ ከነኮዱ ላኩልኝ» ብሎ ኢሜይል መጻፍ ይበቃል። የሚመጣው ወረቀት የቀናት ሰንጠረዥ ነው፤ በየግማሽ ቀኑ ሳጥን አንድ ፊደል ወይም ምልክት አለ። `I` ሕመም፣ `M` የሐኪም ቀጠሮ፣ `R` የሃይማኖት በዓል፣ `C` ርእሰ መምህሩ በልዩ ምክንያት የሰጠው ፈቃድ ነው፤ እነዚህ የተፈቀዱ ናቸው። `G` ያለ ፈቃድ የተደረገ የዕረፍት ጉዞ፣ `U` መዝገብ ከተዘጋ በኋላ መድረስ፣ `O` ምክንያቱ ያልታወቀ ወይም ተቀባይነት ያላገኘ መቅረት ነው፤ እነዚህ ያልተፈቀዱ ናቸው። `N` ማለት ደግሞ ምክንያቱ ገና አልታወቀም ማለት ነው። በአምስት የትምህርት ቀናት ውስጥ ተጣርቶ ወደ ሌላ ፊደል መቀየር አለበት፤ ምክንያት ካልተገኘ `O` ይሆናል።

እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ላዘጋጅ። ልጁ የስምንት ዓመት ነው። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ከተጀመረ 12ኛው ሳምንት ሲያበቃ፣ 87.5 በመቶ የሚለው ደብዳቤ ቤቱ ደረሰ። እስከዚያ ቀን 60 የትምህርት ቀን፣ ማለትም 120 ግማሽ ቀን አልፏል። ልጁ 15 ግማሽ ቀን ቀርቷል። እናቱ መዝገቡን አስልካ ስታየው እንዲህ ሆኖ አገኘችው። ስድስቱ `I` ናቸው፤ በኦክቶበር ሦስት ቀን በትኩሳት ተኝቶ በየቀኑ ጠዋት ለቢሮ ደውላለች። አንዱ `M` ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ። አራቱ `G` ናቸው፤ ለአክስቱ ሠርግ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከሃፍ ተርም በፊት ሐሙስና ዓርብ ወጥተዋል፤ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለው ነበር። ሁለቱ `U` ናቸው፤ አንዱ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዱ በ11ኛው። ሁለቱ ደግሞ `O` ናቸው፤ በአምስተኛው ሳምንት የዋለ አንድ ረቡዕ።

ልብ በሉ፤ ያስደነገጣት ሕመሙ ነበር፤ ሕጉን የሚመለከቱት ግን የቀሩት ስምንቱ ናቸው። ከስምንቱ ውስጥ አራቱን፣ ማለትም ሠርጉን፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ተጠይቆ የተከለከለ ፈቃድ ስለሆነ መዝገቡ ላይ የሠፈረው እውነቱ ነው። ያ ረቡዕ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ሌሊቱን ሲያስታውክ አድሮ ነበር። እናቱ ታላቅ እህቱን ልታደርስ ስትሄድ በር ላይ ለቆመችው መምህርት «ትንሹ ዛሬ ታሟል» አለቻት። መምህርቷም «እግዜር ይማረው» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ቢሮ ግን አልሰማም። ቢሮው በስልኳ መልእክት ልኮ ነበር፤ እሷ ግን አስቀድማ የተናገረች ስለመሰላት አልመለሰችም። `N` ሆኖ የጀመረው ሳጥን `O` ሆኖ ቀረ።

እኔ እንደማየው በማኅበረሰባችን ብዙው ያልተፈቀደ ቀሪነት የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። በር ላይ ለመምህር መንገር በእኛ ዘንድ ከስልክ የበለጠ አክብሮት ነው፤ ፊት ለፊት ተናግረናል። መዝገቡን የሚሞላው ግን ቢሮው ነው፤ ቢሮው ያልሰማው ነገር መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ ልጁ በቀረበት ቀን ሁሉ ጠዋት ቢሮው በሚቀበልበት መንገድ፣ በስልክም ሆነ በአፕ ወይም በኢሜይል፣ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ለሦስት ቀን ከታመመ በሦስቱም ቀን ነው፤ «ሰኞ ተናግሬያለሁ» አይበቃም።

ረቡዕን ማስተካከል ግን ይቻላል። እናትየዋ ለቢሮው አጭር ኢሜይል ጻፈች፤ ቀኑን፣ ልጁ ምን እንደሆነ፣ ለየትኛዋ መምህርት በስንት ሰዓት እንደተናገረች ገልጻ `O` ወደ `I` እንዲታረምላት ጠየቀች። ትምህርት ቤቱ ምክንያቱን ከተቀበለ መዝገቡን ማረም ይችላል። የድሮው ፊደል አይጠፋም፤ አዲሱ፣ የታረመበት ምክንያት፣ ቀኑና ያረመው ሰው ስም አብረው ይቀመጣሉ። የመቶኛው ቁጥር በዚህ እርማት አይነቃነቅም፤ 87.5 እንዳለ ይቆያል፤ ልጁ አሁንም 15 ግማሽ ቀን ቀርቷልና። ያልተፈቀደው ግን ከስምንት ወደ ስድስት ይወርዳል።

ይህች ሁለት ግማሽ ቀን የምታመጣውን ልዩነት ቆጥረን እንየው። 10 ሳምንቱ የሚቆጠረው ከዛሬ ወደ ኋላ ነው፤ በየሳምንቱ አዲስ ሳምንት ሲገባ አሮጌው ከኋላ ይወጣል። የዕረፍት ሳምንት አይቆጠርም፤ ቆጠራው ግን ከአንዱ ተርም ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላውም ይሻገራል። በዲሴምበር፣ በ13ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ልጁ አራት ጠዋት አረፈደ እንበል። በ14ኛው ሳምንት መጨረሻ ወደ ኋላ ስንቆጥር ከአምስተኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ድረስ ነው። የሁለተኛው ሳምንት `U` ወጥቷል። የቀረው የረቡዕ ሁለቱ፣ የሠርጉ አራቱ፣ የ11ኛው ሳምንት አንዱና አዲሶቹ አራት፣ በድምሩ 11 ነው፤ ልኩ አልፏል። ረቡዕ ታርሞ ቢሆን ግን ዘጠኝ ነው። ልጁ የተማረበት ቀን በሁለቱም ያው ነው፤ ልኩ ማለፍ አለማለፉን የወሰነው ግን አንድ ኢሜይል ነው።

ስለ ማርፈድም በቅርበት እንይ፤ እዚህ ብዙ ሰው የማያውቀው መስመር አለ። ትምህርት 2:50 ላይ ይጀምራል እንበል፤ በፈረንጅ ሰዓት 8:50። መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ ክፍት ሆኖ እንዳይቆይ መመሪያው ይናገራል፤ ስለዚህ 9:20 ላይ ተዘጋ እንበል። 9:10 ላይ የደረሰ ልጅ `L` ይባላል፤ አርፍዷል፣ ግን ተገኝቷል። 9:25 ላይ የደረሰው `U` ነው፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እየተማረ እንኳ ያን ጠዋት በሙሉ እንደቀረ ይቆጠራል። የሌሊት ጽዳት ሠርታ ጠዋት ከሥራ የምትወጣ እናት፣ አውቶቡሱ በዘገየ ቁጥር፣ ሳታውቀው ግማሽ ቀን ትከፍላለች። መዝገቡ በትክክል በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ከትምህርት ቤታችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። ከመምህራን ጋር ስትቀመጡም ችግሩ ይኸው የሥራ ሰዓት ነው ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ብዙ ትምህርት ቤት ከትምህርት በፊት ልጆች የሚቆዩበት ብሬክፈስት ክለብ አለው፤ ሲጠየቅ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ጥያቄያችሁ ደግሞ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል፤ ኋላ ላይ ጉዳዩ ቢገፋ «ምን ድጋፍ ተሰጠ፣ ምን ተጠየቀ?» የሚለው መታየቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ደብዳቤው ዓይነት እንምጣ። ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ፤ ሁሉም ቅጣትን ስለሚጠቅሱ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው የትምህርት ቤቱ የስጋት ደብዳቤ ነው፤ እስካሁን ስናነበው የነበረው። የጊዜ ገደብ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ለስብሰባ መምጣት ወይም መደወል ብቻ ነው። ሂዱ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ ወይም የምታምኑት ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን ራሱን ስለ ራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ ለእሱም ለእናንተም ልክ አይደለም።

ሁለተኛው ኖቲስ ቱ ኢምፕሩቭ የሚባለው ነው። ይህ ከቅጣት በፊት የሚሰጥ የመጨረሻ ዕድል ስለሆነ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገሩ ይነበባል። የልጁን የቀሪነት ዝርዝርና እስካሁን የተሰጠውን ድጋፍ ይይዛል። ከሁሉ በላይ አራት ነገር ፈልጉበት፤ የመሻሻያ ጊዜው ከመቼ እስከ መቼ ነው? በዚያ ጊዜ «ተሻሽሏል» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ምን ተጨማሪ ድጋፍ ቀርቧል? ጊዜው ሳያልቅ ቅጣት የሚመጣውስ በምን ምክንያት ነው? ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ጠይቁና በጽሑፍ አስመልሱ። ለዕረፍት ጉዞ ግን ይህ ማሳሰቢያ ላይመጣ ይችላል፤ በድጋፍ የሚፈታ ችግር አይደለም ተብሎ በቀጥታ ወደ ቅጣቱ ሊኬድ ይችላል።

በምሳሌያችን ረቡዕ ሳይታረም ቀርቶ ማሳሰቢያው መጣ እንበል። ጊዜው ከጃንዋሪ 5 እስከ ጃንዋሪ 30፣ መመዘኛው «ከዚህ በኋላ ምንም ያልተፈቀደ ቀሪነት እንዳይኖር» ይላል። ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ረቡዕ ይውላል። ቤተሰቡ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያድራል። እናቱ ቅጣቱን ፈርታ ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ዓይኑ ሳይከደን ያደረውን ልጅ ትምህርት ቤት ልታደርስ ትነሣለች። ይህን ማድረግ የለባትም። ወላጆቹ የሚከተሉት ቤተ እምነት ለአምልኮ ብቻ የለየው ቀን መቅረት በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኮዱ `R` ነው፤ የተፈቀደ ነው። መመዘኛው ያልተፈቀደውን ብቻ ስለሚል ማሳሰቢያውን አይጥስም። መቶኛውን ግን በሁለት ግማሽ ቀን ይቀንሰዋል፤ ያ ሌላ ቆጠራ ነው።

ጥበቃው የሚሸፍነው ቀኑን ብቻ መሆኑን አትርሱ። ጃንዋሪ 7 ይሸፈናል፤ ድካም ለማውጣት 8ኛው ቀን አይሸፈንም። የመንግሥት መመሪያ እንዲህ ያለውን ቀን የሚመዝነው ሃይማኖቱ ምእመናኑ ከሥራ ቀርተው እንዲያከብሩት የሚጠብቀው ነው ወይ ብሎ ነው። ገናን፣ ስቅለትን፣ ለሙስሊሞቻችን ኢድን ማስረዳት አይከብድም። የፈረንጅ ገና ዲሴምበር 25 ስለሆነ ግን ቢሮው ጃንዋሪ 7ን ላያውቀው ይችላል። ከበዓሉ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቀኑን፣ የበዓሉን ስምና የቤተ ክርስቲያኑን ስም ጽፎ ማሳወቅ ነው። ማሳሰቢያው «መቶ በመቶ መገኘት» የሚል ከሆነም ሕመምና የበዓል ቀን እንደ ጥሰት እንደማይቆጠሩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ጠይቁ። እንዲህ ያለ መመዘኛ ለታመመ ልጅ ፍትሐዊ አይደለም፤ ወላጅ ይህን በአክብሮት የመናገር መብት አለው።

ሕመምን በተመለከተም እንዲሁ። አንዳንድ ደብዳቤ «ከዛሬ ጀምሮ ለሕመም ሁሉ የሐኪም ማስረጃ ያቅርቡ» ይላል። መመሪያው ግን ትምህርት ቤቶች ማስረጃን እንደ ልማድ እንዳይጠይቁ፣ የሚጠይቁትም እውነተኛና ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ እንዲሆን ይላል። ሲጠየቅም የጂፒ ደብዳቤ የግድ አይደለም፤ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀጠሮ ካርድ ወይም ከክሊኒክ የመጣ የስልክ መልእክት ይበቃል። ከጂፒ ለሁለት ቀን ጉንፋን ወረቀት ለማግኘት ስልክ ላይ ተሰልፎ ማርፈድ አያስፈልግም።

ወደ አገር ቤት የሚደረግ ጉዞ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ርእሰ መምህር በትምህርት ጊዜ ፈቃድ የሚሰጠው ለልዩ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ልዩ መሆኑንም ስንት ቀን እንደሚበቃውም የሚወስነው እሱ ነው። ርካሽ ቲኬት ልዩ ሁኔታ አይደለም። የአያት ሞት ሊሆን ይችላል። መርዶ ተሰምቶ በማግስቱ የሚበር ሰው ከአውሮፕላን ጣቢያም ቢሆን ለቢሮው ኢሜይል ይጻፍ፤ ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ። ሦስት ቀን ከተፈቀደ ሦስቱ `C` ይሆናል፤ ለአርባው ልቆይ ካላችሁ የቀረው ያልተፈቀደ ነው። «ታሟል» ብሎ መሄድን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ልጁ ተመልሶ ክፍል ውስጥ ስለ ጉዞው ያወራል፤ ልጁን እናቱና አባቱ እንዲዋሽ ማስተማራቸውን ትምህርት ቤቱ ባያውቅም ልጁ ያውቃል።

ሦስተኛው ወረቀት ራሱ ቅጣቱ፣ ፔናልቲ ኖቲስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከካውንስሉ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 80 ፓውንድ፣ ከዚያ እስከ 28ኛው ቀን 160 ፓውንድ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለዚያው ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ከመጣ ቅናሽ የለውም፤ 160 ነው። ሦስተኛ ቅጣት የለም፤ ሌላ እርምጃ፣ ብዙ ጊዜም ክስ ይሆናል። ቅጣቱ በየወላጁና በየልጁ ነው፤ አባትና እናት ሁለት ልጆችን ይዘው ቢጓዙ አራት ወረቀት ይመጣል፤ ቶሎ ቢከፈል በድምሩ 320፣ ቢዘገይ 640 ፓውንድ። ልጁን የሚያሳድግ እንጀራ አባትም በሕጉ ወላጅ ተብሎ ሊቀጣ ይችላል። ገና ለሕግ ግዴታ ዕድሜ ያልደረሰ፣ አምስት ዓመት የሞላው ቀጣዩ ተርም ያልጀመረለት የሪሴፕሽን ልጅ ግን አያስቀጣም።

ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ስሙ የተሳሳተ፣ ቀኑ የተሳሳተ ወይም ያለ አግባብ የተሰጠ ከሆነ በ28 ቀኑ ውስጥ ለካውንስሉ ጽፎ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ቀደም ብሎ የታረመ መዝገብ ካለ የሚጠቅመው እዚህ ነው። መክፈል የወንጀል ጥፋተኛ መባል አይደለም፤ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። አለመክፈል ግን ዕዳ ሆኖ አይቆይም። ካውንስሉ ወይ ይሰርዘዋል፣ ወይ በመጀመሪያው ጥፋት፣ ማለትም ልጁ በመደበኛነት አለመገኘቱን ይዞ በ1996 የትምህርት ሕግ አንቀጽ 444 ይከሳል። «በመደበኛነት» የሚለውን የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ትምህርት ቤቱ ባወጣው ደንብ መሠረት መገኘት ማለት ነው ብሎ ስለወሰነ «በቀረው ጊዜ ሁሉ ይማራል» የሚለው መከላከያ አይሠራም። ሕመም፣ ልንቆጣጠረው ያልቻልነው ምክንያት፣ የሃይማኖት ቀንና የተሰጠ ፈቃድ ግን መከላከያ ናቸው። የቀላሉ ክስ ቅጣት እስከ 1,000 ፓውንድ፣ እያወቀ ላስቀረ ወላጅ የሚቀርበው ከባዱ ክስ እስከ 2,500 ፓውንድ ወይም እስከ ሦስት ወር እሥራት ነው።

ከፍርድ ቤት የሚመጣው ፖስታ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤዎች ጋር ሊደባለቅ አይገባም። ብዙ ጊዜ አንድ ዳኛ ያለ ችሎት በወረቀት የሚያየው ክስ ነው። አብሮት ጥፋተኛ ነኝ ወይም አይደለሁም የሚባልበት ፎርም አለ፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 21 ቀን ነው። መልስ ካልተላከ ዳኛው የቀረበለትን ወረቀት ብቻ አይቶ በሌላችሁበት ሊፈርድ ይችላል። ጥፋተኛ አይደለሁም ብላችሁ ከመለሳችሁ ችሎት ይቀጠራል፤ በፎርሙ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ጻፉ። የስም መጥሪያ መዝገቡን ቅጂ፣ ለቢሮው የላካችኋቸውን ኢሜይሎችና የሕመም ማስረጃ ካላችሁ እሱን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ።